በሩን ልዝጋው ወይስ ልክፈተው? ስለ ፍላሽኦቨርና ስለ ባክድራፍት

ጥያቄ፦ «ማታ የምተኛው የመኝታ ቤቴን በር ዘግቼ ነው። ወንድሜ በዚህ ይቆጣኛል። ‹እሳት ቢነሳ የተዘጋ ክፍል እንደ ቦምብ ነው የሚፈነዳው፤ ክፍት ተዪው› ይለኛል። ባክድራፍት የሚባል ነገር ፊልም ላይ አይቶ ነው። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ደግሞ ስትወጡ በሩን ከኋላችሁ ዝጉ ሲሉ ሰምቻለሁ። ፍላሽኦቨር የሚሉትስ ከዚህ በምን ይለያል? ማንን ልስማ?»

ምላሽ፦

ይዝጉት። ሲተኙም ይዝጉት፤ ከሚቃጠል ቤት ሲወጡም ከኋላዎ ይዝጉት። ወንድምዎ ግን ዝም ብሎ አይደለም የሚያስፈራራዎት። ያየው ነገር በእውነት አለ። እኔም እሳት አጥፊ ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት ሁሉ ስጠነቀቅለት የኖርኩት ነገር ነው። የሳተው አንድ ነገር ብቻ ነው። ያ ፍንዳታ የሚያገኘው በሩን የዘጋውን ሰው ሳይሆን የከፈተውን ነው።

ለምን እንደሆነ ለማየት ከጭስ እንጀምር። አብዛኛው ሰው ጭስን የሚያየው እሳት በልቶ እንደተረፈው ነገር፣ እንደ አመድ ዘመድ ነው። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ከሚቃጠል ቤት የሚወጣው ጥቁር ጭስ ገና ያልተቃጠለ ነዳጅ ነው።

ይህን በሻማ ማየት ይቻላል። ሻማ ይለኩሱና ትንሽ ቆይተው እፍ ብለው ያጥፉት። ከክሩ ጫፍ ቀጭን ነጭ ጭስ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ወዲያውኑ የበራ ክብሪት ወደ ጭሱ ያስጠጉ። ክሩን አይንኩት፤ ሁለት ወይም ሦስት ሴንቲ ሜትር ከፍ ያድርጉት። እሳቱ ጭሱን ይዞ ሸርተት ብሎ ይወርድና ሻማውን መልሶ ያበራዋል። ያ ነጭ ጭስ ሳይቃጠል ያመለጠ የሰም ትነት ነው። እሳት ሲነካው ነደደ።

ሶፋም እንዲሁ ነው። በነበልባል የሚነደው ስፖንጁ ራሱ አይደለም። ሙቀት ስፖንጁን ያቀልጠዋል፣ ይበታትነዋል፣ ጋዝ ያደርገዋል። ጋዙ አየር ሲያገኝ ይነድዳል። አየር ያላገኘው ደግሞ ሳይነድ ወደ ጣሪያ ይወጣል። ጥቁሩ ጭስ ውስጥ ያለው እሱ ነው፤ ጥቀርሻው፣ ካርቦን ሞኖክሳይዱ፣ የፕላስቲኩ ትነት። ፍላሽኦቨርም ባክድራፍትም የሚመጡት ከዚሁ ጭስ ነው። ፍላሽኦቨርን የሚያመጣው የጭሱ ሙቀት ነው። ባክድራፍትን የሚያመጣው ዘግይቶ የደረሰ አየር ነው።

አሁን አንድ ሳሎን ያስቡ። አራት ሜትር በሦስት ሜትር፣ ከፍታው ሁለት ሜትር ተኩል። ሶፋው ጥግ ላይ እሳት ተያያዘ። በሩ ክፍት ነው።

በመጀመሪያው ደቂቃ ነገሩ ቀላል ይመስላል። ነበልባሉ ገና ከሶፋው ክንድ አይበልጥም። ቆሞ ማየት ይቻላል፤ ብዙ ሰውም ቆሞ ያያል። ጭሱ ግን ጣሪያውን መትቶ ወደ ጎን ይዘረጋል። ግድግዳ ሲያገኝ መሄጃ ስለሚያጣ ቁልቁል መውረድ ይጀምራል። ክፍሉ ለሁለት ይከፈላል። ከታች ያለው አየር ቀዝቃዛና ጥርት ያለ ነው። ከላይ ያለው ጥቁርና ትኩስ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው መስመር ጋን ውስጥ እንዳለ የውኃ ልክ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በሩም ለሁለት ይከፈላል። በታችኛው ግማሽ አየር ይገባል፣ በላይኛው ግማሽ ጭስ ይወጣል። በሩ የእሳቱ አፍንጫ ሆነ ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ዋናው ነገር ከላይ የሚመጣው ወላፈን ነው። ጭሱ በጋለ ቁጥር እንደ ምጣድ ሙቀቱን ወደ ታች ይረጫል። የቀትር ፀሐይ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ኪሎዋት ገደማ ሙቀት ታወርዳለች። ጣሪያው ሥር ያለው ጭስ ከ500 እስከ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ወለሉ ላይ የሚያርፈው 20 ኪሎዋት ገደማ ይሆናል። ሃያ ፀሐይ በአንድ ጊዜ ጣሪያው ሥር ወጣ እንደማለት ነው። ደግሞም ወላፈኑ ከሙቀቱ እኩል አያድግም። የጭሱ ሙቀት ከ300 ወደ 600 ዲግሪ ሲወጣ ወላፈኑ ከአምስት እጥፍ በላይ ያድጋል። ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። «እስካሁን ችዬዋለሁ፣ ትንሽ ደቂቃ አያቅተኝም» ይላል። የሚቀጥለው ደቂቃ ግን ያለፈውን አይመስልም።

ወለሉ ላይ ያለው ሁሉ በዚህ ወላፈን ይጠበሳል። ምንጣፉ፣ ጠረጴዛው፣ መጋረጃው፣ እሳት ያልደረሰበት ወንበር ሁሉ ጋዝ መትፋት ይጀምራል። ከዚያ በሰከንዶች ውስጥ ሁሉም በአንድ ጊዜ ቦግ ይላል። ፍላሽኦቨር ይህ ነው። እስከዚያች ሰከንድ ድረስ ክፍሉ ውስጥ እሳት ነበረ። ከዚያች ሰከንድ በኋላ ክፍሉ ራሱ እሳት ነው። ከጣሪያ እስከ ወለል ነበልባል ይሞላዋል፤ በበሩም ተርፎ ወደ ኮሪደሩ ይወጣል። እዚያ ውስጥ የቀረ ሰው አይተርፍም። እኛ የምንለብሰው ወፍራም የመከላከያ ልብስ እንኳ እዚያ ውስጥ የሚሰጠን ዕድሜ በሰከንድ የሚቆጠር ነው።

ለአዳዲስ ሠልጣኞች ይህን የምናሳያቸው በብረት ኮንቴይነር ውስጥ ነው። አንዱን ጫፍ በችፑድ ሸፍነን እናቀጣጥላለን። ሠልጣኞቹ የአየር ሲሊንደር አዝለው፣ ማስክ አድርገው በሌላኛው ጫፍ ይንበረከካሉ። ሁሉም ዓይኑን እሳቱ ላይ ይተክላል። እኔ ሁልጊዜ የምላቸው «እሳቱን ተዉት፤ ወለሉን እዩ» ነው። ከእሳቱ ርቆ ወለሉ ላይ አንድ ቁራጭ ችፑድ አስቀምጣለሁ። ነበልባል አይነካውም። ለጥቂት ጊዜ ምንም አይሆንም። ከዚያ ከጠርዙ እንደ ጠዋት ጉም ስስ ነጭ ጭስ ይነሳል። ቀስ በቀስ መላ ፊቱ መጤስ ይጀምራል። በዚያው ሰዓት ቀና ብለን ስናይ፣ ጥቁሩ ጭስ ውስጥ የነበልባል ምላሶች ብቅ ጥልቅ እያሉ በጣሪያው ሥር ወደ እኛ ይመጣሉ። ይህን ያየ ሰው ለማሰብ ጊዜ የለውም።

እዚያው ኮንቴይነር ውስጥ የማሳያቸው ሌላ ነገር ደግሞ ለእርስዎ ጥያቄ ዋናው መልስ ነው። የጣሪያው ነበልባል ሲበረታ ውጭ የቆመው ባልደረባዬ በሩን ይገፋና ያጠበዋል። ውኃ አልረጨንም፤ የሠራነው ይህን ብቻ ነው። ምላሶቹ ይደክማሉ፣ ይጠፋሉ። መልሶ ሲከፍተው ይመለሳሉ። ሠልጣኞቹ በሩን የእሳቱ ቧንቧ መዝጊያ አድርገው ማየት የሚጀምሩት ያን ጊዜ ነው።

ይህ ሁሉ ስንት ጊዜ ይፈጃል? የአሜሪካው አንደርራይተርስ ላቦራቶሪስ ሁለት ሳሎኖችን ጎን ለጎን አቃጥሎ አይቶታል። አንዱን የሞላው በዛሬ ዕቃ ነው፤ የስፖንጅ ሶፋ፣ የፖሊስተር ጨርቅ፣ ፕላስቲክ። ሌላው የድሮ ዕቃ ነበር፤ እንጨት፣ ጥጥ፣ ሱፍ። የዛሬው ሳሎን አራት ደቂቃ ሳይሞላው ፍላሽኦቨር ደረሰ። የድሮው 29 ደቂቃ ገደማ ፈጀበት። ልዩነቱን ያመጣው በዋናነት ስፖንጁ ነው። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የእሳት አደጋ መኪና ደርሶ ቱቦ አይዘረጋም። በዚያች ጊዜ ውስጥ ነገሩን ሊለውጥ የሚችለው እዚያው ቤት ውስጥ ያለው ሰው ብቻ ነው፤ እጁ ላይ ያለው መሣሪያም በር ነው።

እስቲ ያንኑ ሳሎን እንመልሰው። ያው ክፍል፣ ያው ሶፋ። አሁን ግን እሳቱ ገና ትንሽ ሳለ ወጥተው በሩን ዘጉት። መስኮቱም ዝግ ነው።

ክፍሉ የሚይዘው 30 ሜትር ኩብ አየር ነው። ይህ አየር 36 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ከዚያ ውስጥ ኦክስጅኑ ስምንት ኪሎ ገደማ ነው። እሳት ግን ሁሉንም አይበላም። አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን ከ21 በመቶ ወደ 15 በመቶ አካባቢ ሲወርድ ነበልባል ይደክማል፤ ከዚያም ይጠፋል። ስለዚህ እሳቱ እጁ የሚገባው ከሲሦ የማይበልጠው ነው፤ ሁለት ኪሎ ተኩል እንበል። እንጨትም ይቃጠል፣ ጥጥም ይቃጠል፣ ፕላስቲክም ይቃጠል፣ አንድ ኪሎ ኦክስጅን ሲያልቅ የሚወጣው ሙቀት ከሞላ ጎደል እኩል ነው፤ 13 ሜጋጁል ገደማ። በሁለት ኪሎ ተኩል ከ30 ሜጋጁል ትንሽ ከፍ ይላል። አንድ ኪሎ የሶፋ ስፖንጅ ሙሉ በሙሉ ሲቃጠል 25 ሜጋጁል ገደማ ይሰጣል።

ስለዚህ ያ ዝግ ክፍል ማቃጠል የሚችለው አንድ ኪሎ ተኩል የማይሞላ ስፖንጅ ነው። ሶፋው ውስጥ ያለው ስፖንጅ ግን የዚህን ብዙ እጥፍ ይሆናል። እሳቱ ምግብ ሞልቶለት ትንፋሽ አጥቶ ይታፈናል ማለት ነው። ወደ ፍላሽኦቨር የሚያደርሰውን ሙቀት ሳያገኝ ነበልባሉ ይወድቃል።

ሒሳቡ ግን ገደብ አለው። ቤት የታሸገ ጣሳ አይደለም። በበሩ ግርጌና በመስኮቱ ጠርዝ አየር ይሰርጋል። በዚያ ብቻ እሳቱ ለረዥም ጊዜ እየጤሰ መቆየት ይችላል። የመስኮቱ መስታወት በሙቀት ተሰንጥቆ ከረገፈ ደግሞ እሳቱ በሌላ በኩል ትንፋሽ አገኘ፤ ፍላሽኦቨሩም ሊመጣ ይችላል። ያን ጊዜም ቢሆን የዘጉት በር ሥራውን አልጨረሰም። ነበልባሉ ወደ ኮሪደሩ ሳይሆን ወደ ውጭ እንዲሄድ ያስገድደዋል። ውስጡ ባዶ የሆነ ቀጭን የክፍል በር እንኳ ነበልባል ፊት ለፊት ገጥሞት ለጥቂት ደቂቃዎች ይቆማል። ድፍን የእንጨት በር ደግሞ ከዚያ በላይ ይቆያል። ጥቂት ደቂቃ ማለት ሦስት ልጆችን ቀስቅሶ ደረጃ ለመውረድ የሚበቃ ጊዜ ነው።

አሁን ወደ ወንድምዎ ፊልም እንምጣ። በዚያ በታፈነ ክፍል ውስጥ ምን ቀረ? ነበልባል የለም ማለት ይቻላል። ፍም አለ። ሙቀት አለ። ከወለል እስከ ጣሪያ የሞላ ትኩስ ነዳጅ ጋዝ አለ። የጎደለው አየር ብቻ ነው። አንድ ሰው በሩን ቢከፍተው የጎደለውን ይዞ መጣ።

አየሩ እንዴት እንደሚገባ ማወቅ ይጠቅማል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ በወለሉ ላይ ተኝቶ እንደ ውኃ ይገባል። ትኩሱ ጭስ ከበሩ ራስ ሥር ተንፏቆ ይወጣል። የአየሩ ምላስ ወደ ክፍሉ ጀርባ እየገፋ ሲሄድ በላዩ ካለው ጭስ ጋር እየተቀላቀለ ነው። ድብልቁ ፍሙን ያገኘ ጊዜ ይለኮሳል። ነበልባሉ ድብልቁን ይዞ ከኋላ ወደ ፊት ይሮጣል። ግፊቱ ያልነደደውን ጭስ ከፊቱ እያስቀደመ በበሩ ያወጣዋል፤ ያም ውጭ አየር አግኝቶ የእሳት ኳስ ይሆናል። ባክድራፍት ይህ ነው። ልብ ይበሉ፤ በሩ ሲከፈትና እሳቱ ሲመጣ እኩል አይደሉም። አየሩ ሄዶ ፍሙን እስኪያገኝ ጊዜ ይወስዳል። ጥቂት ሰከንድ ሊሆን ይችላል፤ ከዚያ በላይም ሊቆይ ይችላል። ሰውየው ከፍቶ ምንም ሳያገኝ ሲቀር «ጠፍቷል» ብሎ አንድ እግሩን ያስገባል።

በእኛ ሙያ በጣም ከሚጠናው አንዱን ልንገርዎት። እ.ኤ.አ. ማርች 28 ቀን 1994 ነው፤ ቦታው ኒውዮርክ፣ ማንሃታን፣ ዋትስ ጎዳና ቁጥር 62። የመጀመሪያው ፎቅ ነዋሪ አመሻሽ ላይ ሲወጣ የፕላስቲክ ቆሻሻ ከረጢት የጋዝ ምድጃ ላይ ትቶ ወጣ። ምድጃው ጠፍቷል ብሎ ነበር። ከረጢቱ ተቀጣጠለ። አፓርታማው ታድሶ በደንብ የተደፈነ ስለነበር አየር የሚገባበት አልነበረም። በርና መስኮቱ ዝግ፣ ክፍት የነበረው የእሳት ምድጃው ጭስ ማውጫ ብቻ ነበር። እሳቱ ለአንድ ሰዓት ያህል እዚያው ውስጥ እየታፈነ ቆየ። የእሳት አደጋው የተጠራውም ሰው ከጭስ ማውጫው ጭስና ብልጭታ ሲወጣ አይቶ ነው።

ሠራተኞቹ ገብተው ሦስቱ የታችኛውን በር ለመክፈት ቆሙ። ሦስቱ ደግሞ በደረጃው ወጥተው ከላይኛው ፎቅ በር ላይ ነበሩ። የታችኛው በር ተሰብሮ ሲከፈት መጀመሪያ ሞቅ ያለ አየር ወደ ውጭ ተነፈሰ። የሚያቃጥል አልነበረም። ቀጥሎ አየር ወደ ውስጥ ተሳበ። ከዚያ ትልቅ ነበልባል ከበሩ ራስ ወጥቶ ደረጃውን ይዞ ወደ ላይ ሄደ። ከታች የነበሩት ከነበልባሉ ሥር ጎንበስ ብለው ወደ ኋላ አመለጡ። ከላይ የነበሩት መሄጃ አጡ። ሦስቱም በደረሰባቸው ቃጠሎ ሞቱ። ነበልባሉ ደረጃው ውስጥ ለስድስት ደቂቃ ተኩል ነደደ። በአንድ ሰዓት የተጠራቀመ ጭስ ነበር የሚነደው።

ይህን ታሪክ ሁለት ጊዜ ማንበብ ያስፈልጋል። አንደኛው ንባብ የወንድምዎ ነው፤ የተዘጋ ክፍል ነበልባል ተፋ። ሁለተኛው ንባብ ግን ሰዓቱን ያያል። በሩ ዝግ በነበረበት አንድ ሰዓት ሙሉ እሳቱ ወደ ደረጃው አልወጣም። የወጣው በሩ ሲከፈት ነው። አንድ ሰዓት ደግሞ ሕንፃ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ወጥቶ የሚጨርስበት ጊዜ ነው። በሩን መክፈት የእኛ ሥራ ነው። እኛም ብንሆን ውኃ የሞላ ቱቦ ይዘን፣ መውጫችንን አይተን፣ ሲቻል መጀመሪያ ትኩሱን ጭስ በላይ በኩል አስተንፍሰን ነው የምንከፍተው።

የታፈነ እሳት ምልክት አለው። መስኮቱ ከውስጥ በጥቀርሻ ጠቁሮ ነበልባል አይታይም። በሩና እጀታው ይግላል። ከሁሉ በላይ የማምነው ምልክት ግን በበሩ ስንጥቅ የሚወጣው ጭስ ነው። ቱፍ ብሎ ይወጣል፤ ከዚያ ተመልሶ ይሳባል። እንደገና ቱፍ ይላል። ልክ ቤቱ የሚተነፍስ ይመስላል። እሳቱ ትንሽ አየር ሲያገኝ ቦግ ይላል፤ ጋዙ ሰፍቶ በስንጥቁ ይገፋል። አየሩ ሲያልቅ ይበርዳል፤ ጋዙ ይሰበሰብና ከውጭ ይስባል። ይህን ካዩ እጀታውን አይንኩት። ከበሩ ፊትም ገለል ይበሉ።

አሁን ስለ መኝታ ቤትዎ። ወንድምዎ አንድ ነገር ቀላቅሏል። የሚፈነዳው ክፍል እሳቱ ውስጡ ያለበት ክፍል ነው። እርስዎ ተኝተው ሳሎን ወይም ኩሽና ውስጥ እሳት ቢነሳ፣ የእርስዎ ክፍል ውስጥ ያለው አየርና እርስዎ ናችሁ። ታፍኖ የሚጠራቀም ነዳጅ እዚያ የለም። ዝግ በር እዚህ ላይ የሚሠራው ሌላ ሥራ ነው፤ ጭሱን ውጭ ያስቀራል። በሙከራ በተቃጠሉ ቤቶች ውስጥ ኮሪደሩ ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ፣ በሩ ዝግ የነበረው መኝታ ክፍል 40 ዲግሪ አካባቢ ሆኖ ተገኝቷል። በሩ ክፍት የነበረው መኝታ ክፍል ውስጥ ግን ሰው ሊተርፍ አይችልም ነበር።

ደግሞም በቤት ቃጠሎ ከሚሞቱት ብዙዎቹ ነበልባል ሳይነካቸው በጭስ ነው የሚሞቱት። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 9 ቀን 2022 በኒውዮርክ ብሮንክስ አንድ 19 ፎቅ ሕንፃ ውስጥ እሳት ተነሳ። መነሻው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ነበር። ነበልባሉ ከተነሳበት አፓርታማና ከበሩ ፊት ካለው ኮሪደር ብዙም አልራቀም። የአፓርታማው በር ሰው ሲወጣ በራሱ መዘጋት ነበረበት። አልተዘጋም። ጭሱ በዚያ ክፍት በር ወጥቶ ደረጃውን ይዞ ወደ ላይ ሄደ። 17 ሰው ሞተ፤ ስምንቱ ልጆች ነበሩ። የገደላቸው ጭስ ነው። ስለዚህ ሕንፃ ሳስብ እስካሁን ዓይኔ ላይ የሚመጣው ነበልባሉ ሳይሆን ያ ሳይዘጋ የቀረ በር ነው።

ዝግ በር አንድ ጉዳት አለው፤ እሱን አልደብቅዎትም። የጭስ ደወሉ ኮሪደር ላይ ብቻ ከሆነ በተዘጋ በር ውስጥ በደንብ ላይሰማ ይችላል። መፍትሔው በሩን ክፍት መተው አይደለም። መኝታ ክፍሉም ውስጥ ደወል ማድረግ ነው፤ አንዱ ሲጮህ ሁሉም አብረው የሚጮሁ ዓይነት ከሆነ ደግሞ በጣም ጥሩ ነው። ትንንሽ ልጆች ያሏቸው ወላጆች «ቢያለቅስ አልሰማውም» ብለው የልጁን በር ክፍት ይተዋሉ። ስጋቱ ይገባኛል። የሕፃን ድምፅ የሚያሰማ መሣሪያ አስገብተው በሩን ቢዘጉ ግን ልጃቸውን የበለጠ ይጠብቁታል።

ሲወጡ የሚደረገው ይህ ነው። መጀመሪያ ሰው፤ ክፍሉ ውስጥ ያለውን ሁሉ ያስወጡ። ከዚያ በሩን ስበው ቀጭ እስኪል ይዝጉት። ገርበብ ያለ በር እንደ ዝግ በር አይቆጠርም፤ የእሳቱ ግፊት ራሱ መልሶ ይከፍተዋል። አይቆልፉት። ከኋላ የቀረ ሰው ካለ መክፈት መቻል አለበት፤ እኛም መግባት አለብን። በሚያልፉበት መንገድ ላይ ያሉትን ሌሎች በሮችም እንዲሁ እየዘጉ ይሂዱ። ዘግተው ከወጡ በኋላ «ጠፍቶ ይሆን?» ብለው ገለጥ አድርገው አይዩ። ብዙ ሰው የሚጎዳው በዚህች አንድ እይታ ነው። ስልክ ረስተው ከሆነም ይቅር።

ከእንቅልፍ ነቅተው ጭስ ከሸተተዎት ደግሞ በሩን ከመክፈትዎ በፊት በእጅዎ ጀርባ ይዳስሱት። ከታች ጀምረው ወደ ላይ ይሂዱ፤ በመጨረሻ እጀታውን። ቀዝቃዛ ከሆነ ትከሻዎን በሩ ላይ አስደግፈው በጥቂቱ ይክፈቱት። ጭስ ቢገፋዎት መልሰው መዝጋት እንዲችሉ ነው። ትኩስ ከሆነ ግን አይክፈቱት። የበሩን ግርጌ በልብስ ወይም በአንሶላ ይድፈኑት፤ ውኃ ካለ ያርጥቡት። መስኮቱ ጋ ሄደው ይደውሉ፣ ይጣሩ፣ ጨርቅ ያውለብልቡ። ከውጭ ጭስ ወደ እርስዎ የሚመጣ ከሆነ መስኮቱንም ይዝጉት። በዚያ በር ጀርባ መጠበቅ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም። ከ500 ዲግሪው ጎን ሳይሆን ከ40 ዲግሪው ጎን ሆነው ነው የሚጠብቁት።

ስንደርስ ደግሞ አንድ ነገር ይንገሩን። «ኩሽና ውስጥ ነው የተነሳው፤ በሩን ዘግቼ ነው የወጣሁት፤ ውስጥ ሰው የለም።» ይህን የሰማ ኃላፊ ወደ ኩሽናው በር ማንንም ባዶ እጁን አይልክም። ቱቦው ውኃ እስኪሞላ ያስጠብቃል፤ ደረጃው ላይ ያሉትን ባልደረቦች ያስወርዳል፤ በሩን የሚከፍተው ከዚያ በኋላ ነው። ዋትስ ጎዳና ላይ ደረጃው ባዶ ቢሆን ኖሮ ያ ነበልባል ያቃጠለው ግድግዳውን ብቻ ነበር።